ይጠብቃል ወይስ ይላላል? ለአንድ ማር ስም ስናወጣ የያዝኩት ማስታወሻ

ጥቅምት 4

ማሩ ደርሷል፤ ስሙ ግን የለም። ሰኔ ላይ ከማሻ አካባቢ የተቆረጠው ነጭ ማር ተጣርቶ በጀሪካን ተቀምጧል፤ ብልቃጦቹም ተገዝተዋል። ማተሚያ ቤቱ የመለያ ወረቀቱን ንድፍ እስከ ኅዳር አጋማሽ እንድናደርስለት ነግሮናል። ከታላቅ እህቴ ጋር ለሁለት ሳምንት ስንጨቃጨቅ ከርመን ዛሬ አምስት ስሞች ቀሩ፦ ከልብ፣ ወለላ፣ እሸት፣ ሙዳይ እና ለዛ።

የእህቴ ምርጫ «ከልብ» ነው። ወረቀቱ ላይ «ከልብ የቀረበ» የሚል መስመር እንደሚኖር፣ ፊደሉም ምን ዓይነት እንደሚሆን ሳይቀር አስባለች። እኔ ቁርጥ ያለ ምርጫ ስለሌለኝ የመፈተኑ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ።

ከመጀመሬ በፊት ማሩ የማን ጆሮ ውስጥ እንደሚገባ በወረቀት አሰፈርኩ። አብዛኛው አዲስ አበባ ይሸጣል፤ ስለዚህ ከአማርኛ ሌላ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚናገር ሰው ሊያየው ይገባል። የአክስታችን ልጅ ዱባይ ለሚገኙ ሁለት ሱቆች ልታቀርብልን ቃል ገብታለች፤ ዓረብኛ ማለት ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያለው የልጅነት ጓደኛዬና እስራኤል፣ ናታንያ ያለችው የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ እንግሊዝኛና ዕብራይስጥ ይጨምራሉ። የዓለምን ቋንቋ ሁሉ መመርመር አይቻልም፤ ማሩ የሚደርስበትን ግን ሳይመረምሩ መተው ስንፍና ነው።

ጥቅምት 6

«ከልብ» በአንድ ቀን ወደቀ።

ለአክስታችን ልጅ ደውዬ ስሙን ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች፤ ቀጥላ ሳቀች። «ከልብ» በዓረብኛ ውሻ ነው። ልብ የሚባለው «ቀልብ» ነው፤ እኛም «ቀልቤን ገፈፈው» የምንለው ቃል። በዕብራይስጥም ውሻ «ኬሌቭ» ነው፤ በትግርኛ «ከልቢ»። ግእዝ የተማረ ጎረቤታችን ደግሞ በግእዝም «ከልብ» ውሻ መሆኑን ሲነግረኝ አፈርኩ። አማርኛ «ውሻ» የሚል ሌላ ቃል ስለያዘ እንጂ ዘመዶቹ ሁሉ አንድ ላይ ቆመዋል።

እህቴ በቀላሉ እጅ አትሰጥም። «እንግዲያው ቀልብ እንበለው» አለች። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ስሕተቱን ወደ ጥሩ ትርጉም ይመልሰዋል። ችግሩ ግን «ቀ» ላይ ነው። በላቲን ፊደል Qelb ብለን ብንጽፈው፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው «ከ» ብሎ ያነበዋል፤ ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ድምፅ የለውም። ልብ ብለን የላክነው ስም መንገድ ላይ ውሻ ይሆናል። «ቀ»፣ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» እና «ጰ» ያሉበት ስም ከአገር ሲወጣ ያ ልዩ ድምፁን እንደሚጥል አስቀድሞ መቀበል ያስፈልጋል። የሚጠየቀው «ከጣለው በኋላ ምን ሆኖ ይቀራል?» ነው። እዚህ የቀረው ውሻ ነበር።

እህቴ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ጥቅምት 10

የስልክ ፈተና። ከቀሩት አራት ስሞች አንዱንም በጽሑፍ ያላዩ አሥራ ሁለት ሰዎች መረጥኩ። ለእያንዳንዳቸው የነገርኩት ሁለት ስም ብቻ ነው፤ አራቱንም ለአንድ ሰው ካሰማሁት ያለፈው የሚቀጥለውን ያደበዝዝብኛል። የምለው ዓረፍተ ነገርም ለሁሉም አንድ ነው፦ «አዲስ ማር ወጥቷል፣ ስሙ እንዲህ ይባላል»። አልደግመውም። ወዲያው በፊደልም በላቲንም ጽፈው በመልእክት እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ።

በፊደል ማንም አልተሳሳተም። በላቲን ሲሆን ግን «እሸት» ስድስት ሰው ጋ አራት ዓይነት ሆኖ መጣ። የመጀመሪያው «እ» ለአንዱ E፣ ለሌላው I ነው፤ መጨረሻውን ሁለት t ያደረገም አለ። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሰው ስሙን ሰምቶ ስልኩ ላይ ሲፈልገን በአራት መንገድ የሚጽፈው ከሆነ፣ በሦስቱ መንገድ አያገኘንም። «ለዛ» ሁለት ዓይነት ሆነ፦ Leza እና Lezza። ያኔ ቀላል ልዩነት መስሎኝ በኅዳግ ላይ ጭሬ አለፍኩት።

ጥቅምት 13

ከሦስት ቀን በኋላ ለነዚያው ሰዎች ደወልኩ። «ያ ማር ስሙ ማን ነበር?» ብቻ። ፍንጭ አልሰጥም።

«ወለላ» እና «ለዛ» በብዛት ታወሱ። «ሙዳይ» ደግሞ የሚገርም ነገር ገጠመው፤ ሁለት ሰዎች «መሶብ» ብለው መለሱልኝ። ዕቃውን አስታውሰዋል፣ ቃሉን ግን ጥለውታል። ትርጉሙ ሥዕል ሆኖ የሚመጣ ስም ይህ አደጋ አለበት፤ ሥዕሉ ሲቀር በቦታው የቅርብ ዘመዱ ይገባል። ሱቅ ገብቶ «መሶብ ማር አላችሁ?» የሚል ሰው «የለም» ተብሎ ይወጣል።

ከሰዓት በኋላ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998ን ይዤ ተቀመጥኩ። «ወለላ» የሚወድቀው እዚህ ነው። የዕቃውን ዓይነት ወይም ጥራት ብቻ የሚገልጽ ቃል ለአንድ ነጋዴ አይሰጥም፤ ወለላ ማለት ደግሞ ንጹሑ ፈሳሽ ማር ራሱ ነው። ማርን «ማር» ብሎ እንደማስመዝገብ ይሆናል። ቢፈቀድልንም እንኳ ጎረቤታችን «ወለላ ማር» ብሎ ቢጽፍ እንዴት እንከሰዋለን? አፍ ላይ ከሁሉም የሚጥመው ስም ነበር፤ ሳልወድ ሰረዝኩት።

ጥቅምት 18

አሁን ተቃራኒው ፈተና፤ ከጽሑፍ ወደ አፍ። የዋሽንግተኑ ጓደኛዬ Eshet፣ Muday እና Leza የሚሉትን በሦስት ካርድ ጽፎ አማርኛ ለማያውቁ የሥራ ባልደረቦቹ አሳየ። መመሪያዬ ጥብቅ ነበር፦ ምንም ሳታስረዳ መጀመሪያ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ድምፃቸውን ቅዳ፤ ከዚያ በኋላ «ምን ትዝ አላችሁ?» በል። «ይህ መጥፎ ቃል ነው?» ብሎ መጠየቅ አይረባም፤ ሰው በትሕትና «አይደለም» ይላል።

«እሸት» ሲነበብ አንዷ ሴት አፏን ያዘች። ሁለተኛው ክፍለ ቃል በእንግሊዝኛ ከመጸዳጃ ቤት ጋር የሚሄድ የታወቀ የብልግና ቃል አጠገብ ይወድቃል። የናታንያዋ ባልደረባዬ ግን ወድዳው ነበር፤ በዕብራይስጥ «ኤሼት» «የእገሌ ሚስት» ማለት ነው፤ ባለሙያዋን ሴት ለማመስገን የሚጠቀሱበት የታወቀ አነጋገርም ውስጥ አለ። አንዱ ጋ ሙገሳ፣ አንዱ ጋ ነውር። ብልቃጡ አንድ ስለሆነ ነውሩ ይበልጣል።

«ሙዳይ» ሲነበብ ደግሞ ቅጂው ላይ በግልጽ የሚሰማው «መድ ደይ» ነው፤ የጭቃ ቀን። ማር ለሚሸጥ ሰው ጭቃ ምን ይሠራለታል?

«ለዛ»ን አብዛኞቹ «ሊዛ» ብለው አነበቡት፤ የሴት ስም መሰላቸው። ስሙን አበላሽተውታል፣ ግን ሁሉም ያበላሹት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ያሳፈረውም ሰው የለም። ለእኔ ይህ ይበቃኛል። የውጭ አገር ሰው እንደ እኛ እንዲጠራው አልጠብቅም።

አንድ ስም ቀረ ማለት ነው። እንደ አሸናፊ ሳይሆን ገና እንዳልተከሰሰ ተጠርጣሪ ነው የማየው።

ጥቅምት 22

ክሱ መጣ፤ የመጣውም ከገዛ አማርኛችን ነው።

የወረቀቱን ንድፍ በኮምፒውተር ሠርቼ ለእናታችን አሳየኋት። በአንድ መስመር «ለዛ ማር» ይላል። መነጽሯን አድርጋ አነበበችና «ለየትኛው ማር?» አለችኝ። ዛን አላልታ ነው ያነበበችው፤ «ለዚያ ማር» እንደማለት። እኔ ደግሞ ሳምንታት ሙሉ የማየው አጥብቄ፣ ጣዕምና ውበት ያለውን «ለዛ» አድርጌ ነበር። «ለዛ ያለው ጨዋታ»፣ «ለዛ ቢስ» እንደምንለው።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» በዓሉም ነው፣ «ገና ነኝ» ውስጥ ያለውም ነው፤ የሚለየን ዐውዱ ነው። የስልክ ፈተናዬ ይህን ሊይዘው አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም ስሙን ራሴ አጥብቄ ስላሰማኋቸው መልሱን አብሬ ሰጥቻቸዋለሁ። በጽሑፍ ቀድሞ ያየ ሰው አልነበረም። የፈተናው ክፍተት የእኔ ነው።

ማታውኑ ሁለት ወረቀት አተምኩ። በአንዱ «ለዛ ማር» በአንድ መስመር፤ በሌላው «ለዛ» በትልቁ ብቻውን፣ ከሥሩ በቀጭን ፊደል «የተፈጥሮ ነጭ ማር»። በሰፈራችን ዳቦ ቤት ደጃፍ ቆሜ ለሃያ ሰው አሳየሁ፤ ግማሹ አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን። በአንድ መስመር ያለውን ካነበቡት አሥሩ ውስጥ አምስቱ አላሉት። ብቻውን የቆመውን ያላላው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አስተማሪ ነው፣ ሆን ብሎ ሊፈትነኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ከስሙ ቀጥሎ በዚያው መስመር ምንም ቃል አይቆምም። ይህ ለነዳፊው ትእዛዝ ሆኖ ተጻፈ።

የናታንያዋ ባልደረባዬ ይህን ስነግራት በጣም ሳቀች። በዕብራይስጥም «ላዜ» «ለዚህ» ማለት ነው። ትርጉሙ አሳፋሪ አይደለም፣ ግን የእናቴ ጥያቄ እዚያም ሊጠየቅ ይችላል።

ጥቅምት 23

ትናንት ማታ ለአንድ በማስታወቂያ ሥራ ላይ ላለ ወዳጄ ይህን ሁሉ ስነግረው «እንደዚያች ኖቫ የምትባል መኪና» አለኝ። ወሬውን ሁሉም ያውቀዋል፦ ሸቭሮሌት ኖቫ በስፓኒሽ «ኖ ቫ»፣ አትሄድም ማለት ስለሆነ በላቲን አሜሪካ ሳትሸጥ ቀረች ይባላል። ተረት ነው። መኪናዋ በሜክሲኮም በቬኔዝዌላም ተሸጣለች። ስፓኒሽ ተናጋሪ «ኖቫ»ን እንደ አንድ ቃል፣ ክብደቱን መጀመሪያው ላይ ጥሎ ይላል፤ «አትሄድም» ግን ሁለት ቃል ነው፣ ክብደቱም መጨረሻው ላይ ነው። ጆሮ ለይቶ ይሰማቸዋል። እውነተኛው ምሳሌ የሚትሱቢሺ ፓጄሮ ነው፤ ቃሉ በስፓኒሽ የለየለት ብልግና ስለሆነ በስፔንና በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች የተሸጠው «ሞንቴሮ» ተብሎ ነው።

የሁለቱ ልዩነት ለእኔ ጠቅሞኛል። ፊደል ስለተመሳሰለ ብቻ መደንገጥ የለብኝም። ጥያቄው የቋንቋው ባለቤት በጆሮው ሲሰማው አንድ ያደርጋቸዋል ወይ ነው።

ጥቅምት 27

ዓረብኛ። ረጅሙ ቀን።

ጠዋት ከዱባይ የምሥራች መጣ። የአክስታችን ልጅ አብሯት የሚሠራ ግብፃዊ ሒሳብ ሠራተኛ ስሙን አጥብቃ ስትጠራለት «ጥሩ ነው፣ ለምግብ ይሆናል» አላት። በዓረብኛ ደስታና ጣፋጭነት የሚባለው ቃል በመጽሐፉ አነጋገር መካከሉ ላይ ያለው ድምፅ በምላስና በጥርስ መካከል የሚወጣ «ዘ» ነው፤ ግብፆች ግን በተራ «ዘ»፣ «ለዛ» ብለው አጥብቀው ይሉታል። «ለዚዝ» የሚሉት ጣፋጭም ከዚያው ነው። እህቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ከሰዓት በኋላ መርካቶ ወረድኩ። ከብዙ ዓመት ጀምሮ ማር በጅምላ የሚነግዱ አንድ ሐጂ አሉ፤ አባታችንንም ያውቁ ነበር። ወረቀቱን ሰጥቻቸው «ሐጂ፣ ይህን ስም እንዴት ያዩታል?» አልኳቸው። ጥቂት አዩትና «ልጄ፣ አጥብቀህ ነው አላልተህ የምትለው?» ብለው ጠየቁኝ። እናቴ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው፤ የእሳቸው ግን ሌላ ሥር አለው። በቁርአን 70ኛው ሱራ፣ አል መዓሪጅ፣ 15ኛው አንቀጽ ላይ የሚነድደው የጀሀነም እሳት የሚጠራበት ቃል አለ። ላልቶ፣ በወፍራሙ ዓረብኛ «ዘ» ሲነበብ ለእኛ ጆሮ «ለዛ» ነው።

ቁጭ አልኩ። ጠብቆ ደስታ፣ ላልቶ ገሃነም። ዓረብኛም ቢሆን በተለመደው ጽሑፉ የመጥበቅ ምልክቱን አይጽፍም፤ ልክ እንደ እኛ።

ሐጂ አልቀበሩኝም። ሻይ አዘዙልኝና የሚለየው ፊደሉ መሆኑን አስረዱኝ። የእሳቱ ስም የሚጻፈው «ዟ» በሚሉት ወፍራም ፊደል ነው፤ ያለዚያ ፊደል ያ ቃል አይሆንም። እኛ በተራው «ዛይ» ብንጽፈውና የመጥበቂያውን ምልክት፣ ሸዳን፣ ከላዩ ብናትም ማንም አይሳሳትም። የደስታውንም ቃል በራሱ ፊደል አለመጻፋችንን ወደዱት፤ «ደስታ ብሎ የጻፈ ሰው ምን ይሸጣል ተብሎ ይጠረጠራል» አሉና ፈገግ አሉ። የባሕረ ሰላጤው ሰው ደግሞ ያንን ወፍራም ፊደል በ«ዘ» አይጠራውም፤ ስለዚህ ዱባይ ላይ በጆሮ የመምታታት ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ስሙን አልሰረዝነውም። ግን በዓረብኛ የሚታተመው ከሐጂ እጅ ካለው ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው፤ የሸዳዋ ምልክት ከጠፋች ወረቀቱ ይወገዳል።

ኅዳር 1

አንድ z ወይስ ሁለት? ጥቅምት 10 በኅዳግ የጫርኩት ነገር ተመልሶ መጣ።

መጥበቁን ለማሳየት ሁለት መጻፍ ተገቢ ይመስላል። ኦሮምኛ በቁቤ ሲጻፍ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት አድርጎ ያሳያል፤ ማር ራሱ damma ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤታችንም Leza ያለውን ወዲያው አላልታ አነበበችው፤ Lezza ሲሆን በትክክል።

ነገር ግን ሁለት z ወደ ውጭ ሲወጣ ሌላ ጣጣ ያመጣል። «ሌዞ» በጣልያንኛ ክርፋት ነው፤ መጨረሻው ብቻ ነው የሚለየው። በእንግሊዝ አገርም Lezza ሴትን ከሴት ጋር በመዋደዷ የሚሰድቡበት የጎዳና ቃል ነው። በአንድ z ሁለቱም ይርቃሉ፤ አንባቢው ወደ «ሊዛ» ይሄዳል። ፍራንክፈርት ያለ ዘመዳችን እንደነገረኝ ጀርመኖች z ን «ትስ» ስለሚሉት «ሌትሳ» ይሆናል፤ ይሁን።

ስለዚህ አንድ z። የቁቤ አንባቢ ያላላዋል፣ ይህን አውቀን ተቀብለነዋል፤ ወረቀቱ ላይ የግእዙ ፊደል ከላቲኑ በሦስት እጥፍ ይበልጣል፣ አገር ውስጥ የሚነበበውም እሱ ነው። በዛምቢያ ቶንጋዎች ዘንድ ሌዛ የፈጣሪ ስም እንደሆነም አውቄአለሁ። ስድብ አይደለም፤ ግን አንድ ቀን ወደዚያ ብንሸጥ ፈጣሪን ብልቃጥ ላይ ለጥፎ ባዶውን ቆሻሻ ላይ መጣል ምን እንደሚመስል መጠየቅ ይኖርብናል።

ኅዳር 4

የጩኸት ፈተና። የሙዚቃ ድምፅ ያለበት አንድ ሱቅ ገብቼ ለሻጩ «ለዛ ስጠኝ» አልኩት። የለውዝ ቅቤ አመጣልኝ። መደርደሪያው ላይ ከማሩ ጎን የተቀመጠው እሱ ነው። ለሌላ ሻጭ «ለዛ ማር» ስለው ግን በትክክል «የለም» አለኝ። በአፍ ሲጠየቅ «ማር» ይጨመራል፣ በጽሑፍ ግን በአንድ መስመር አይቆምም። ሁለቱ ትእዛዞች ጎን ለጎን ሲታዩ የሚጋጩ ይመስላሉ፤ እህቴ እስክትረዳቸው ሦስት ጊዜ አስረድቻታለሁ።

ኅዳር 8

ማመልከቻው ገባ። ማር በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ 30ኛው ክፍል ውስጥ ነው። ስሙ በመዝናኛው ዘርፍ ቀድሞ ይታወቃል፤ የእኛ ክፍል ግን ሌላ ነው። ከተመዘገበ ጥበቃው 7 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ይታደሳል። የግእዙንም የላቲኑንም አጻጻፍ አብረን አስገባን።

ኅዳር 15

ከማተሚያ ቤቱ የናሙና ወረቀት መጣ። «ለዛ» ብቻውን በትልቁ ቆሟል፤ ሸዳዋም በቦታዋ አለች። ከሥሩ ግን Lezza ይላል። ደውዬ ስጠይቅ ፊደል የሚለቅመው ወጣት በኩራት መለሰልኝ፦ «ይጠብቃል እኮ ጋሼ፣ አርሜላችሁ ነው»። አንዱን z በቀይ ሰርዤ ናሙናውን መለስኩ።